ሁለት ዓመት በሁለት ዓመት

ሃያ ሊትር የሚይዝ ባልዲ ከምንጩ ቱቦ ሥር ተደቅኗል። ወጣቱ መሐንዲስ ስልኩን ይዞ ሰከንድ ይቆጥራል። የካቲት እያለቀ ነው፤ ዝናብ በማይጠፋበት በኖፓ አካባቢ እንኳ ከቡናው ሥር ያለው ቅጠል ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ባልዲው ሲሞላ ቆጣሪውን አቆመና ውሃውን ደፍቶ ደገመው፤ ሠለሰውም። ከዚያ ማስታወሻው ላይ 12.5 ብሎ ጻፈ።

«ስንት አገኘህ፣ ኢንጂነር?» አሉት የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ።

«አሥራ ሁለት ሰከንድ ተኩል፣ ኦቦ።»

«መስከረም ላይ ስትለኩት ስምንት ነው ብላችሁ አልነበረም እንዴ?»

«ችግሩ እሱ ነው» አለ መሐንዲሱ።

ይህ መሐንዲስ አንድ ሰው አይደለም። በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙ፣ በያዮና በኖፓ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ተቀምጠው አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚያወጡና የሚያወርዱ ወጣቶችን በአንድ ገጸ ባሕርይ ሰብስበን ያቀረብነው ነው። በውሃ ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ አለው፤ አራት ዓመት ሠርቷል፤ ዕድሜው ወደ ሠላሳ እየተጠጋ ነው። ማስተርስ ልግባ ወይስ ሥራዬን ልቀጥል የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳዋል ባንልም፣ ከጓደኞቹ ጋር ቡና በተጠጣ ቁጥር መነሳቱ አይቀርም። ከእሱ ጋር የተመረቁት ሁለቱ ጅማ ሄደው እየተማሩ ነው፤ አንዱ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ ገብቶ ደመወዙ ከእሱ በልጧል።

ወደ ባልዲው እንመለስ፤ ጥያቄው ሁለት መልክ እንዳለው የሚያሳየን እሱ ነውና።

ሃያ ሊትር በስምንት ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ 2.5 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። በቀን 86,400 ሰከንድ አለ፤ ስለዚህ በቀን 216,000 ሊትር ይወጣል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከወጣው መስፈርት በመነሣት ለትናንሽ ከተሞች በነፍስ ወከፍ 40 ሊትር ብንይዝ፣ ምንጩ 5,400 ሰው ያጠጣል። በየካቲት ግን ያው ባልዲ 12.5 ሰከንድ ፈጀ። ይህ በሰከንድ 1.6 ሊትር፣ በቀን ደግሞ 138,240 ሊትር ነው፤ ለ3,456 ሰው ብቻ ይበቃል። በመስከረሙ ልኬት ታቅዶ የተሠራ መስመር ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ሰው በበጋ ያለ ውሃ ያስቀራል። ቱቦው ላይ ምንም ብልሽት የለም፤ ማጠራቀሚያውም በደንብ ተሠርቷል፤ ስሌቱም ልክ ነው። የተሳሳተው የተለካበት ወር ነው።

ምንጭ በደረቁ ወራት መለካት እንዳለበት የመጀመሪያ ዲግሪ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል፤ መሐንዲሳችንም ፈተና ላይ መልሶታል። ያልተማረው ነገር ሌላ ነው፦ በጽሕፈት ቤቱ ፋይል ውስጥ ያለው ቁጥር በየትኛው ወር እንደተለካ ማንም እንደማይጽፍ፣ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ ላይ ስለሚጀምር የጥናት ሥራ ዘወትር ከክረምቱ ማብቂያ ጋር እንደሚገጥም፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ ከማንኛውም ሰነድ ይበልጥ ምንጩ የሚደክምበትን ሳምንት እንደሚያውቁ። ይህን ያስተማረው አራት ዓመቱ ነው። የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ይህንን በሁለት ዓመት አያስተምርም፤ ሥራው ስላልሆነ።

ግን ጥያቄው እዚህ አያበቃም። ሰብሳቢው ቀጥለው «ዘንድሮ እንዲህ ከሆነ፣ ዝናቡ የዘገየ ዓመትስ?» ብለው ቢጠይቁት መሐንዲሱ አንገቱን ከማከክ በቀር መልስ የለውም። ምንጭ ዝናብ ካቆመ በኋላ የሚቀንሰው በዘፈቀደ አይደለም፤ ከመሬት ሥር የተጠራቀመው ውሃ እያነሰ ሲሄድ የሚወጣውም በተመጣጣኝ ይቀንሳል። ከጥቅምት እስከ መጋቢት በየሳምንቱ የለካ ሰው የአቀናነሱን ፍጥነት ማስላት ይችላል። ካለን ሁለት ልኬት ብቻ ተነሥተን በግርድፉ ብናሰላው እንኳ፣ ከ2.5 ወደ 1.6 ለመውረድ 160 ቀን ያህል ፈጅቷል ብንል፣ ዝናቡ አንድ ወር ቢዘገይ ምንጩ ወደ 1.5 ገደማ ይወርዳል፤ የሚያጠጣውም ሰው ወደ 3,200 ዝቅ ይላል። ይህን ስሌት ከመሥራት ይልቅ፣ በሁለት ነጥብ ላይ የቆመ ስሌት ምን ያህል ሊታመን እንደማይችል መናገር፣ የአሥር ዓመቱን መጥፎ በጋ ከአጭር መረጃ መገመት፣ ምንጩን የሚመግበው መሬት የቱ እንደሆነና ደኑ ቢመነጠር ምን እንደሚሆን መመርመር ይከብዳል። ጥሩ ማስተርስ የሚያስተምረው ይህንን ነው። በአራት ዓመት ቀርቶ በሃያ ዓመት የሥራ ልምድም በራሱ አይመጣም፤ ሃያ ዓመት በስህተት የለካ ሰው ሃያ የተሳሳተ ቁጥር ነው የሚኖረው።

ስለዚህ በእውቀት ረገድ ሁለቱ አይተካኩም። የሥራ ገበያው ግን እንዲተካኩ ያደርጋቸዋል፤ መምረጥ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

የመሐንዲስ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ አንብቦ የሚያውቅ ሰው ልማዱን ያውቀዋል፦ «የመጀመሪያ ዲግሪና 8 ዓመት ወይም ሁለተኛ ዲግሪና 6 ዓመት የሥራ ልምድ»። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የሁለት ዓመት ልዩነቱ ግን የተለመደ ነው። አሁን ሒሳቡን እናስላው። መሐንዲሳችን አራት ዓመት አለው። ሥራውን ለቅቆ በመደበኛ ፕሮግራም ሁለት ዓመት ቢማር፣ ሲመለስ ሁለተኛ ዲግሪና አራት ዓመት ይኖረዋል፤ ስድስት ለመሙላት ሁለት ይቀረዋል። ከአሁን ጀምሮ አራት ዓመት ነው። ሳይማር ቢቀጥልስ? አራቱ ስምንት እስኪሞላ ያው አራት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ሰጥቶ ሁለት ዓመት ገዛ ማለት ነው፤ ትርፍ የለውም።

ኪሳራው ግን አለ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ በወር 11,500 ብር ያገኛል። መሐንዲሳችን ከጀማሪ ከፍ ያለ ነው፤ ግን ዝቅተኛውን ብንይዝ እንኳ የሁለት ዓመቱ 276,000 ብር ነው፤ የቤት ኪራይና የመጽሐፍ ወጪ ሳይጨመር። ይባስ ብሎ አንዳንድ ማስታወቂያ «ከሁለተኛ ዲግሪ በኋላ የተገኘ» የሚል ሐረግ ያስገባል። በዚያ ስሌት አራት ዓመቱ ዜሮ ሆኖ ይጀምራል፤ ከማስተርስ ምረቃው በኋላ ስድስት ዓመት መጠበቅ አለበት። በዚህ ጊዜ ያለው መውጫ በመጀመሪያ ዲግሪው መወዳደር ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ስላለው በመጀመሪያው እንዳይወዳደር የሚከለክለው ብዙውን ጊዜ ሕግ ሳይሆን ይሉኝታ ነው፤ ማስተርሱን አስቀምጦ በመጀመሪያ ዲግሪው የሚመዘገብ ሰው አዋቂ ነው እላለሁ።

ሒሳቡን የሚቀይረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሥራ ሳይለቁ መማር። በቅዳሜና እሑድ ወይም በክረምት መርሐ ግብር ተምሮ የሥራ ዓመቱ ካልተቋረጠበት፣ ትምህርቱም በሁለት ዓመት ካለቀለት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛ ዲግሪና ስድስት ዓመት ይዞ ይገኛል። ያልተማረ ጓደኛውን በሁለት ዓመት ይቀድማል። ከኖፓ ሲታይ ግን ይህ ቀላል ምርጫ አይደለም። በውሃ ዘርፍ የታወቁት ትምህርት ቤቶች ሩቅ ናቸው፤ አርባ ምንጭ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረበት ቦታ ቢሆንም ከኢሉባቦር የሚደርሱበት ቅዳሜ የለም። ጅማ ይቀርባል፤ በበደሌ በኩል ሄዶ እሑድ ማታ መመለስና ሰኞ ጠዋት ሥራ መግባት ግን መንገዱን ለሚያውቅ ሰው ቀልድ ነው። የክረምቱ መርሐ ግብር ከተገኘ ይሻላል፤ ክረምት ኢሉባቦር ውስጥ ቁፋሮና ግንባታ የሚቀዘቅዝበት ወቅት ነውና ቢሮውም ብዙ አያማርርም።

ሌላው መንገድ መሥሪያ ቤቱ ደመወዝ እየከፈለ በውል እንዲልክ ማድረግ ነው። ይህ ገንዘቡን ያድናል፤ ግን ውሉን ማንበብ ይጠይቃል። ተምሮ የተመለሰ ሠራተኛ ለተወሰነ ዓመት ያንኑ መሥሪያ ቤት የማገልገል ግዴታ አለበት፤ ጥሎ ቢሄድ የወጣበትን ይከፍላል። ተመልሶ የሚቀመጥበት ወንበር ያው የድሮው ከሆነ ነገሩ ይበላሻል፤ በነጥብ የሥራ ምዘናው፣ ሰው ሁሉ ጄኢጂ በሚለው፣ ደመወዝ የተሰካው በሥራ መደቡ ላይ ነው እንጂ በሠራተኛው ዲግሪ ላይ አይደለም። መደቦቹ በ22 ደረጃ ተከፍለዋል፤ ማስተርስ ይዞ የመጣ ሰው ከፍ ያለ መደብ ክፍት ሆኖ ተወዳድሮ ካልያዘው በቀር በዲግሪው ብቻ ደረጃ አይዘልም። በወረዳ ደረጃ ደግሞ ከፍ ያሉት የቴክኒክ መደቦች ጥቂት ናቸው። ከመሄዱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው «ትልኩኛላችሁ ወይ?» ብቻ አይደለም፤ «ስመለስ የትኛው መደብ ይኖራል?» የሚለውም ነው።

ከመቱ ሳይወጡ ይህ ሁሉ ሒሳብ የሚገለበጥበት አንድ ግቢ አለ። መቱ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከተማዋ በዲግሪ ደረጃ የሚቀጥር ትልቅ ቀጣሪ አገኘች። እዚያ መሰላሉ የተሠራው በዲግሪ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ የተቀጠረ ሰው ግራጁዌት አሲስታንት ነው፤ ሌክቸረር ለመሆን ማስተርስ የግድ ነው፤ ከዚያ በላይ ዶክትሬትና የምርምር ጽሑፍ። አሥር ዓመት ምንጭ የገነባ መሐንዲስ ያለ ማስተርስ እዚያ በር ላይ ይቆማል። በሌላ በኩል በ2003 ዓ.ም. ሄኒከን የገዛው የበደሌ ቢራ ፋብሪካን የመሰለ ቦታ መስመር ሲቆም ማስነሣት የሚችለውን ሰው ነው የሚፈልገው። የሶር የውሃ ኃይል ማመንጫም፣ በ5 ሜጋ ዋት ትንሽ ቢሆንም፣ ተርባይኑ ሲያጓራ ድምፁን የሚለይ ሰው ከሌለው ዲግሪ አያስነሣውም። ስለዚህ «ማስተርስ ይጠቅማል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ ወረቀቱን የሚያነበው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ መልስ አይኖረውም።

የሥራ ልምድን ብቻ ማወደስም ስህተት ነው፤ ለዚህ ከኢሉባቦር የተሻለ ምስክር ያለው ቦታ አላውቅም። ያዮ ላይ ከድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ ያመርታል የተባለው ግዙፍ ፕሮጀክት ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ፣ ተሰጥቶ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ተጀመረ። በዓመት 300,000 ቶን ዩሪያ እንዲያመርት ታቅዶ ነበር። ሳያልቅ ቆመ፤ ውሉም ከሜቴክ ጋር ተቋረጠ። የመንግሥትን ገንዘብ ለሌላ ጽሑፍ እንተወውና፣ በእንደዚህ ያለ ፕሮጀክት ላይ አምስት ዓመት የቆየን ወጣት መሐንዲስ እናስብ። የሥራ ልምድ ወረቀቱ ላይ አምስት ዓመት ተጽፏል። መሠረት ሲጣል፣ ኮንክሪት ሲሞላ፣ ብረት ሲተከል አይቷል። ፋብሪካ ሲፈተሽ፣ ሲነሣ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሲያስቸግር ግን አላየም፤ ንድፉ ላይ የነበረው ስህተት የት እንደነበር የሚታወቀው ደግሞ በዚያ ጊዜ ነው። ያልተጠናቀቀ ፕሮጀክት ስህተትን ይደብቃል።

በውሃ ሥራም ያው ነው። መስመሩ ተመርቆ ሪባን ሲቆረጥ መሐንዲሱ ወደ ሌላ ሥራ ከሄደ፣ የመስከረሙ ልኬት የካቲት ላይ ምን እንዳደረገ አያይም። በሚቀጥለው ወረዳም መስከረም ላይ ይለካል። ስለዚህ ለወጣት መሐንዲስ ከዓመት ብዛት ይልቅ የሚበጀው አንድ ሥራን ከጥናት እስከ ንድፍ፣ ከጨረታ እስከ ግንባታ፣ ከርክክብ በኋላ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሙሉ በጋና አንድ ሙሉ ክረምት ተከትሎ መጨረስ ነው። ይህን ያላደረገ ሰው ማስተርስ ሲገባ መምህሩ የሚናገረው የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም። አንድ ጊዜ አድርጎት ከሆነ ግን፣ ክፍል ውስጥ ስለ ዝቅተኛ ፍሰት ሲወራ የኖፓው ምንጭ ፊቱ ይመጣል። በቀጥታ ከመጀመሪያ ዲግሪ ወደ ማስተርስ የሚዘልቁትን የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለመቅረት የወሰኑት ሲቀሩ።

የማስተርሱ ዓይነትም መነገር አለበት። ብዙ መሐንዲስ በቅርቡ የሚገኘውን፣ የቅዳሜና እሑድ የፕሮጀክት ማኔጅመንት ወይም የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ ይመርጣል። ሥራ አስኪያጅ ለመሆን ለሚሄድ ሰው መልካም ነው። የቴክኒክ መንገዱን ለሚቀጥል ሰው ግን ወጥመድ አለው፤ ማስታወቂያው «በሃይድሮሊክስ፣ በውሃ ሀብት ወይም በቀጥታ ተዛማጅ በሆነ ሙያ ሁለተኛ ዲግሪ» ሲል ያ ዲግሪ ላይቆጠር ይችላል። ሁለት ዓመት ተምሮ በመጀመሪያ ዲግሪው እየተወዳደረ የሚቀጥል ሰው ጥቂት አይደለም። የምንጩ ጥያቄ ያስጨነቀው ሰው ሃይድሮሎጂ ወይም የከርሰ ምድር ውሃ ይማር፤ የጨረታና የክፍያ ሰነድ ያስጨነቀው ደግሞ ማኔጅመንቱን። ምን ልማር የሚለው የሚታወቀው ሥራ ላይ ደጋግሞ ካሸነፈው ጥያቄ ነው።

ለመሐንዲሳችን ምን እንበለው? እኔ ብሆን ዘንድሮ አልልከውም። በመስከረሙ ልኬት የታቀደውን መስመር በየካቲቱ ቁጥር አስከልሶ ያስረክብና አንድ ዓመት ሲሠራ ይየው። በዚያ ዓመት ከጥቅምት ጀምሮ በወረዳው ያሉ አምስት ስድስት ምንጮችን በየሳምንቱ ለክቶ ቀንና ወር ይጻፍባቸው፤ ኮሚቴዎቹ ለመለካት ዝግጁ ናቸው፤ ሰከንድ መቁጠር የሚያቅተው የለም። ጋት የሚባለውን ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና በዚያው ዓመት ይፈተን። ሲገባ የመመረቂያ ጥናቱን ከራሱ መረጃ ይሠራዋል። ብዙ ተማሪ ሁለተኛውን ዓመት በመረጃ ፍለጋ ያባክናል፤ ከየቢሮው የጎደለ ሰነድ እየለመነ፣ ከጎረቤት ጣቢያ የተዋሰውን የዝናብ ቁጥር እያጣጣመ። እሱ በእጁ የሰበሰበውን የአንድ ዓመት ልኬት ይዞ ከገባ፣ መምህሩም ከእሱ ይማራል፤ ወረዳውም ጥናቱን ይጠቀምበታል፤ ሲመለስ ሊወዳደርበት የሚችል መደብ እንዲከፈትም መከራከሪያ ያገኛል።

አንድ የቢሮ ጉዳይ አለ፤ ከትምህርቱ ሁሉ ይልቅ ሰው የሚጎዳበት እሱ ነው። ሥራ የሚለቅ ሰው በሚለቅበት ሳምንት የሥራ ልምድ ወረቀቱን ይዞ ይውጣ። ወረቀቱ ላይ «በመሐንዲስነት አገልግለዋል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ካለ፣ ቀጣዩ ቀጣሪ ምን እንደሠራ ማወቅ አይችልም፤ መደቡ በየጊዜው ሲቀየር ከመቼ እስከ መቼ በየትኛው እንደሠራ፣ ጥናት፣ ንድፍ፣ የግንባታ ክትትል ወይም የውል አስተዳደር መሆኑ ተለይቶ ይጻፍለት። በግል ድርጅት የሠራ ደግሞ ከደመወዙ የገቢ ግብር መከፈሉን ወረቀቱ እንዲገልጽ ያድርግ፤ ያ ዓረፍተ ነገር ከሌለ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓመቱን አይቆጥሩለትም። ተቋራጩ ሥራውን ጨርሶ ከአካባቢው ከሄደ በኋላ ወረቀት ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ አለ፤ አንዳንዱ ድርጅት ደግሞ በዚያን ጊዜ ፈርሶ ይገኛል።